ጭረት መስሎኝ ያጠፋሁት

እኛ ቤት አባቴ የሚታወቀው በጀርባው ነው። ሌላው ሰው አባቱ ምን ይመስል እንደነበር ሲጠየቅ ረጅም ነው፣ ጠይም ነው፣ ሳቂታ ነው ይላል። እኔ የማውቀው አውቶቡስ ደረጃ ላይ የቆመ ግራጫ ኮት ነው። ኮቱንም ቢሆን የማውቀው ከፎቶው እንጂ ከራሴ ትዝታ አይደለም፤ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር። ፎቶና ትዝታ አንድ ቤት ከኖሩ አንዱ ሌላውን ሲበላው አይታወቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ እያደስኩ እንጀራዬን የበላሁ ሰው፣ በራሴ ቤት የትኛው የትኛውን እንደበላው መለየት አቅቶኛል።

ፎቶዋ የእጅ መዳፍ ታህላለች፣ ጥቁርና ነጭ ናት። ከፊት እናቴ አለች፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ ቀሚሷን ጨብጬ ቆሜአለሁ። የጫማዬ ክር መፈታቱ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኋላችን በስተግራ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ አውቶቡስ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል፣ ሻንጣ ይዟል። እሱ አባቴ ነው። ከአንገቱ በላይ ያለው ግን ጭስ ነው ማለት ይቻላል፤ ፊት ይሁን ማጅራት፣ ፀጉር ይሁን ባርኔጣ፣ የሚለይ ነገር የለውም።

ያነሳን አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ካሜራ የገዛ ሰሞን ስለነበር ለቅሶም ቢሆን ሠርግም ቢሆን ካሜራውን አንጠልጥሎ ይመጣ ነበር። አባቴ ለስድስት ወር ድልድይ ሥራ ሩቅ አገር ሲሄድ ሊሸኝ መጣና መናኸሪያው ውስጥ በማለዳ ያችን አንዲት ፎቶ አነሳ። አባቴ በአራተኛው ወር ወባ ይዞት እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። የመጣልን ሻንጣው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴ አንድ አባባል ይዛ ቀረች። «ዞሮ እንኳ ሳያየኝ ሄደ።» ሌላው ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ሁሉ እሷ ይህን ትላለች። ዝናብ ሲዘንብ ትለዋለች፣ ጎረቤት ባሏን ስታማ ትለዋለች፣ እኔ ሳልስማት ከቤት ከወጣሁ ደግሞ «እንደ አባትሽ ነሽ» ብላ ታሳጥረዋለች። ልጅ ሆኜ አባቴን የጠላሁት በዚህች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። ሰው እንዴት አይዞርም? ሠፈር ሱቅ ሲሄድ እንኳ የሚዞር ሰው አለ።

አምና እናቴ የዓይኗን ሞራ አስገፈፈች። ፋሻው የተነሳላት ቀን ቤቱን እየዞረች ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ፣ የመጋረጃውን እድፍ፣ የእኔን ሽበት ሁሉ ቆጠረች። ይህ እንግዲህ ለሳምንት ያህል አስቸግሮኝ ነበር። በሳምንቱ ፎቶዋን ከመሳቢያ አውጥታ መስኮቱ ዳር ተቀመጠችና ብዙ አየቻት።

«ሐኪሙ ሁሉን አጠራልኝ» አለች፣ «አባትሽን ብቻ ተወው።»

«እማዬ፣ እሱ የዓይንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ፎቶው ነው።»

«አውቃለሁ። ፎቶው ከሆነ ደግሞ ያንቺ ሥራ ነው። የሰው ሁሉ አባት ትሠሪ የለም እንዴ?» ከጸሎት መጽሐፏ መሐል ሌላ ትንሽ ፎቶ አወጣች፤ የአባቴን የመታወቂያ ጉርድ። በዚያ ጊዜ ደንብ ፊቱን ትንሽ ዘወር አድርጎ፣ የቀኝ ጆሮው እየታየ የተነሳት ናት። መነጽር አድርጓል፣ ክፈፉ ብረት ነው። «ይሄን እዚያ ላይ አድርጊልኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ ልየው። ከዚህ በኋላ የምጠይቅሽ ነገር የለም።»

ከዚህ በኋላ የምጠይቅሽ ነገር የለም ስትል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ያን ቀን ግን ድምፅዋ ቀጠነብኝ። እሺ አልኳት።

የምሠራው በጫማ ሰፊና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ከፊት ጉርድ እናነሳለን፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ክፍል የእኔ ናት፣ ኮምፒውተሩና ስካነሩ እዚያ አሉ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የጋሽ ብሩሽ ነው። ጋሽ ብሩሽ ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ ተጠይቀው «ቤት ውስጥ የሚታደስ ነገር አለቀብኝ» ብለዋል። በእሳቸው ዘመን ፎቶ የሚታደሰው በእጅ ነበር፤ እርሳሱን እንደ መርፌ አሹለው ኔጋቲቭ ላይ የሰው ሽፍታ ያጠፉ ነበር፣ በቀጭን ብሩሽ ደግሞ የታጠበው ወረቀት ላይ ቅንድብ ይተክሉ ነበር። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚያ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ኮምፒውተሩን እኔ ላስተምራቸው ሞክሬ ሁለታችንም ተቀያይመን ተውነው።

ሥራውን የጀመርኩት ሁልጊዜ እንደማደርገው ነው። ፎቶዋን በከፍተኛ ጥራት ስካን አደረግኋት፣ ከዚያ አጸዳኋት። አቧራውን፣ የታጠፈችበትን መስመር፣ የጣት አሻራውን፣ ጭረቱን። ይህ ለእኛ ከምግብ በፊት እጅ እንደ መታጠብ ነው፤ ማንም አያስብበትም። እጄ እየሠራ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አባቴ ጭንቅላት ላይ፣ ከጭሱ መሐል፣ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ትንንሽ ነጭ ጭረቶች ነበሩ፤ እነሱንም ጠረግኋቸው።

ቀጥሎ ጉርዱን ስካን አድርጌ ፊቱን ቆረጥኩት፣ በልኩ አሳነስኩት፣ ብርሃኑን አስተካከልኩና በጭሱ ቦታ አስቀመጥኩት። ቆንጆ ፊት ነው። የመነጽሩ ክፈፍ፣ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ የቅንድቡ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አይቼ ደስ አለኝ፤ ዕንባዬም መጣ። ሳልውል ሳላድር አትሜ ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

እናቴ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው።

«ፊቱ የሱ ነው» አለች።

«አዎ።»

«እሱ ግን አይደለም። መታወቂያው ነው አውቶቡስ የተሳፈረው።» ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። «ደክመሻል፤ ተይው። የሄደን ሰው በግድ አይመልሱትም።»

ቁጣ ቁጣ አለኝ። ያሳመመኝ ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው። በማግስቱ ፎቶውን ጋሽ ብሩሽ ጭን ላይ ጣል አድርጌ ኮቴን ሰቀልኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት፤ ሲሠሩ መነጽር አያደርጉም፣ ሲያነቡ ብቻ ነው።

«ማነው ይሄ ጭምብል ያደረገው?» አሉ።

«አባቴ ነው።»

ይቅርታ አላሉኝም፤ እንዲያውም ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡ። «ነይ ቁጭ በይ። ያ አውቶቡስ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?»

«እየሄደ ነው።»

«አጎትሽ ሌንሱን አጥርቶ ፎከስ ያደረገው ማን ላይ ነው?»

«እኛ ላይ። እናቴና እኔ ላይ።»

«እና ኮቱ ሲሄድ ፊቱ ለምን ቆመ? ኮቱ አሥር እርምጃ ላይ ሲሆን ፊቱ ለምን አፍንጫዬ ሥር መጣ?»

ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ለደንበኛ ብሠራው ኖሮ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። የአባቴን ፊት ቁልጭ ብሎ ሳየው ግን ማደብዘዝ አልሆነልኝም፤ አርባ አንድ ዓመት የተደበቀን ፊት አግኝቶ እንደገና ጭስ ውስጥ የሚከተው ማነው? ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እሱን ተረድቻለሁ» አሉ ለስለስ ብለው። «ግን ዓይን አይታለልም። እናትሽ ስለ ካሜራ የምታውቀው ነገር የለም፤ ዓይኗ ግን ያውቃል። በይ ለክተሽ ሥሪ።»

ለመለካት ብርሃን ይፈለጋል። ጨለማ ሲደበዝዝ ልኩን አይናገርም፤ አንዲት ደማቅ ነጥብ ግን በምን ያህል እንደተስፋፋችና ወዴት እንደተጎተተች ራሷ ትናገራለች። ከአውቶቡሱ በር በላይ አንዲት ትንሽ አምፖል በርታለች። ቆማ ቢሆን፣ ከፎከስ ውጪ ስለሆነች፣ ክብ ሳንቲም መስላ ትወጣ ነበር። አውቶቡሱ ስለሚሄድ ደግሞ ያ ሳንቲም ወደ ቀኝ ተጎትቶ እንደ ጣት ረዝሟል። የጣቱ ውፍረት የርቀቱ ብዥታ ነው፤ ለካሁት፣ አሥራ አንድ ፒክስል፣ አሥራ አንድ የምስል ነጥብ፣ ሆነ። ከርዝመቱ ላይ ውፍረቱን ሳነሳ የቀረው መንገዱ ነው፤ የካሜራው መዝጊያ ክፍት በነበረባት ቅጽበት አውቶቡሱ የሄደው፤ ሠላሳ ፒክስል። አባቴ በሩ ላይ ስለቆመ ርቀቱም ከአምፖሏ ጋር አንድ ነው፣ አካሄዱም ከአውቶቡሱ ጋር አንድ ነው። የሻንጣውን መቆለፊያ ለካሁት፤ ያው አሥራ አንድ፣ ያው ሠላሳ።

ሥራው ከዚያ ወዲያ ግልጽ ነው። የድሮውን ጭስ ከሥር አጠፋሁና በቦታው የአውቶቡሱን ጎን ሞላሁበት። ፊቱን መጀመሪያ እንደ ሌንስ አደበዘዝኩት፤ ዝም ብሎ ጉም በሚያለብሰው ማደብዘዣ ሳይሆን እያንዳንዷን ነጥብ ክብ በሚያደርገው፣ በአሥራ አንድ። ከዚያ ወደ ጎን ጎተትኩት፣ በሠላሳ። ጠርዙም አብሮ ተጎተተና ከኋላው ያለው አውቶቡስ በጉንጩ አልፎ መታየት ጀመረ፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ማደብዘዝ የፊልሙን ደቃቅ ነጠብጣብ ስለሚያጠፋ በመጨረሻ ከኮቱ ላይ ያለውን የመሰለ ነጠብጣብ በተንኩበት።

ጭምብሉ ጠፋ። ፊትና ኮት አንድ ሰው ሆኑ። ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዓይኑ ከአፍንጫው ጋር ተቀላቅሏል፣ ከንፈሩ መስመር ሆኗል። በትክክል ሠርቼ በትክክል አጠፋሁት።

«ይኸው» አልኩ። «እንዳሉኝ ለክቼ ሠራሁት። ምን ላሳያት አሁን?»

ጋሽ ብሩሽ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። «ይሄ ሠላሳ የኮቱ ነው» አሉ በኋላ። «ጭንቅላት ኮት አይደለም፤ አንገት የሚባል ነገር አለው። የራሱ መለኪያ የለውም እንዴ? አንዲት ነጥብ፣ አንዲት ብልጭታ?»

«ምንም የለውም። ንጹሕ ጭስ ነው።»

«ከመጀመሪያውም?»

«ከመጀመሪያውም። ሁለት ጭረቶች ብቻ ነበሩ፤ አጽድቻቸዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያዩኝ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን አልናገርም።

«ጭረት መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

ነጫጭ ናቸው፣ ቀጫጭን ናቸው፣ ያለቦታቸው ናቸው፤ እጄ ጭረት ናቸው አለና ጠረጋቸው። ዋናውን ፎቶ ከፖስታው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ጎንበስ አሉ። ከውጪ የጫማ ሰፊው መዶሻ ይሰማል።

«ጭረት የወረቀት ቁስል ነው» አሉ ሳይነሱ። «ስለት ነው የሚመስለው፤ ፎከስ ኖረ አልኖረ አይመለከተውም። ይቺ ግን ጠርዟ ለስላሳ ነው። ሄደሽ ለኪያት።»

ያልጸዳውን ስካን እንደገና ከፈትኩ። ሁለቱም በቦታቸው አሉ። እያንዳንዷ ውፍረቷ አሥራ አንድ። ጭረት የአሥር እርምጃን ርቀት ከየት ያመጣል? ብዥታቸው ከአምፖሏ ጋር አንድ ከሆነ ከአምፖሏ ጋር አንድ ቦታ ነበሩ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን መናኸሪያው ውስጥ፣ ያን ማለዳ፣ የአባቴ ጭንቅላት ላይ። ርዝመታቸውን ለካሁ። ውፍረቱን ሳነሳ አሥራ ስድስት ቀረ። የኮቱ ግማሽ ያህል።

ጉርዱን አሳስቼ፣ ከሥሩ ያለውን እንዲያሳይ አድርጌ፣ በላያቸው አስቀመጥኩት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋሁት። የመነጽሩ ሁለት የብረት ማዕዘኖች፣ በግራ አንድ በቀኝ አንድ፣ ልክ ሁለቱ ነጫጭ ምልክቶች ላይ አረፉ።

«መነጽሩ ነው» አልኩ። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

«መነጽር ማጅራት ላይ አይደረግም» አሉ ጋሽ ብሩሽ።

ቁጭ ብለን ነገሩን አንድ በአንድ አሰብነው፤ እሳቸው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየሳሉ። አባቴ ወደ አውቶቡሱ ውስጥ ዞሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ አውቶቡሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጭንቅላቱ ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ መነጽሩም ሠላሳ ይጎተት ነበር። አሥራ ስድስት ብቻ የሆነው አንድ ነገር ወደ ግራ እየመለሰው ስለነበር ነው። በቀኝ ትከሻው ላይ ዞሮ ፊቱን ወደ እኛ ሲያመጣ መነጽሩ ወደ ግራ ይመጣል፤ አውቶቡሱ የሚወስደውን ያህል ባይሆንም ግማሹን ይመልሰዋል። አይቶን ፊቱን እየመለሰ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ተደምሮ ከሠላሳ ይበልጥ ነበር። መዝጊያው ሲከፈት እየዞረ ነበር። ወደ እኛ እየዞረ።

እኔ ደግሞ ያችን ብቸኛ ምስክር እጄን እየታጠብኩ ጠርጌያት ነበር።

የቀረውን ሥራ ቀጠልኩ። አንገትጌውን እንደ ኮቱ በሠላሳ ተውኩት፤ ወደ ላይ ወደ ፊቱ ስመጣ ቀስ እያልኩ ቀነስኩ፣ መነጽሩና አፍንጫው ጋ አሥራ ስድስት አደረስኩት። ሁለቱን ብልጭታዎች ከዋናው ፎቶ መልሼ አመጣኋቸው። ፊቱ ከጭሱ ወጣ። ቁልጭ አላለም፣ ሊልም አይገባውም፤ ግን ዓይን ያለው፣ ጠባሳው የሚገመት፣ አንድ የሆነ ሰው ነው። ከሚሄድ አውቶቡስ ላይ ዞሮ የሚያይ ሰው።

ጋሽ ብሩሽ «አሁን ሰው ሆነ» ብለው ኮታቸውን ለበሱ። በሩ ላይ ቆም አሉ። «ለእናትሽ እንዴት እንደምትነግሪያት አስቢበት። ጥሩ ወሬ ሁሉ ቀላል አይደለም።»

አሰብኩበት፤ ሁለት ቀን አሰብኩበት። መጀመሪያ ሮጬ ልነግራት ነበር። በኋላ ግን ፎቶዋን ስመለከት ከፊት የቆመችውን ሴት አየኋት። አባቴ ሲዞር እሷ ፊቷ ወደ ካሜራው ነው። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጀርባዋን ለአውቶቡሱ ሰጥታ። እሱ ዞሯል ማለት እሷ አልዞረችም ማለት ነው፤ አንዱን ነግሮ ሌላውን መደበቅ አይቻልም። አርባ አንድ ዓመት የተሸከመችውን ነገር አውርጄ ሌላ ላሸክማት ነው? ዝም ብዬ «ሠራሁልሽ» ብዬ ብሰጣት የጠየቀችውን አግኝታ ደስ ይላት ነበር። ግን ያ ውሸት ይሆናል፤ ያውም እውነቱን የያዘ ፎቶ ላይ የሚለጠፍ ውሸት። አባቴን ደግሞ በልጅነቴ በከንቱ ጠልቼዋለሁ፤ ይህም ዕዳ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። እናቴ መስኮቱ ዳር አልጋው ላይ ተቀምጣ ልብስ እያጠፈች ነበር። ፎቶውን ሰጠኋት፤ ትራሱን ገፋ አድርጋ ተቀበለችኝ።

አውራ ጣቷን ፊቱ አጠገብ አድርጋ፣ ሳትነካው፣ «እሱ ነው» አለች። «እንደዚህ ነበር። አንድ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም እኮ፤ ሁልጊዜ ሊሄድ ሲል ነው የማስታውሰው።» ሳቀች። «ጎበዝ ነሽ። እንዴት አድርገሽ አዞርሽው?»

«እኔ አላዞርኩትም፣ እማዬ።»

አየችኝ።

«ፊቱን ከጉርዱ አምጥቻለሁ። መዞሩ ግን የሱ ነው። ፎቶው ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ጭረት መስሎኝ ያጠፋሁት።» ሁለቱን ነጫጭ ምልክቶች አሳየኋት፤ መነጽሩ መሆኑን፣ ለምን ከኮቱ እንዳጠሩ፣ ጋሽ ብሩሽ ጠረጴዛ ላይ እንደሳሉት በጣቴ አልጋው ላይ ሣልኩላት። ፒክስል የሚባለው አልገባትም፤ አውቶቡሱ ሲወስደው እሱ ሲመለስ የሚለው ግን ወዲያው ገባት።

ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ተጣልተን ነበር የሄድነው» አለች። «ይሄን ላንቺ ነግሬሽ አላውቅም። አትሂድ አልኩት፤ ስድስት ወር ምን አላት አለኝ። መናኸሪያ ስንደርስ ሆዴ ስላረረ፣ ከሄድክ ዞረህ እንዳታየኝ አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አጎትሽ ወደዚህ እዩ ሲል ደስ አለኝ፤ ጀርባዬን ልሰጠው ምክንያት አገኘሁ። ካሜራው ጠቅ ሲል አላስቻለኝም፣ ዞርኩ። ያኔ ወደ ውስጥ እየገባ ነበር፤ ያየሁት ጀርባውን ነው። ለካ የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ሰማኝ ብዬ…» አቋረጠች። «አልሰማኝም ማለት ነው?»

«አልሰማሽም።»

«እኔ ስዞር እሱ ዞሮ ጨርሶ ነበር።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ተራ በተራ ተያየን።» ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እሱም እኮ ያየው ጀርባዬን ነው። እስኪሞት የሚያውቀው አልዞረችም ብሎ ነው።»

የፈራሁት መጣ። እጇን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። እያለቀሰች መሆኗን ያወቅሁት ዕንባው እጄ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ድምፅ አላወጣችም፣ ፊቷም አልተጨማደደም። ፎቶውን ከጭኗ ላይ ለማንሳት ስሞክር አልለቅም አለች።

«ተይው» አለች። «ይሁን። ማወቅ ይሻላል።»

ትንሽ ቆይታ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ሐኪሙ በእጅሽ አትሺው ስላላት ይህን እንኳ አልረሳችም። ፎቶውን እንደገና ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ለምን ያህል ጊዜ አየኝ?» አለችኝ።

«ፎቶው የሚናገረው ካሜራው የተከፈተባትን ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን አያውቅም።»

«እሷ ስንት ናት?»

ጋሽ ብሩሽን ጠይቄ ነበር፤ በዚያ ማለዳ ብርሃን፣ በዚያ ካሜራ። «የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ» አልኳት። «ዓይን ከሚርገበገብባት ታንሳለች።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። የአባቴን ፊት በጣቷ፣ አሁን ነክታ፣ ቀስ ብላ ዳሰሰችው።

«ይቺን ታህል አይቶኝ ነው» አለች፣ «እኔ አርባ አንድ ዓመት ያኮረፍኩት።»